የተሰበረ ዕቃ በካሊፐር ለክቶ በስኬች መልሶ መሥራት፦ ልኩ ለምን እንደሚዛነፍና እንዴት እንደሚስተካከል

ለምሳሌነት አንድ ዕቃ ብቻ እንያዝ። አንድ ማሽን ላይ ባሉ ሁለት የብረት ዘንጎች ላይ የሚገባ፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መያዣ ነው። አንዱ ዘንግ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነው። የመያዣው አንድ ጎን ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጎን ደግሞ ወደ ውጭ የጎበጠ ሲሆን፣ የተሰበረው በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ነው።

ምልክት፦ አንዱ ቀዳዳ ይገባል፣ ሌላው ከዘንጉ አልፎ ይቆማል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በኮምፒውተር የተሳለው ስኬች ሳይሆን የተለካው ነገር ነው። የተሰበሩት ሁለት ቁራጮች ምንም ያህል ተጠጋግተው ቢያዙ እንደ ቀድሟቸው አይገጥሙም። ፕላስቲክ ከመሰበሩ በፊት ትንሽ ይሳባል። ስብራቱ አካባቢ የነጣ መስመር ካለ የተሳበው እዚያ ነው። በዚያ ላይ የስብራቱ ጥርሶች ተደጋግፈው በመካከላቸው ክፍተት ይተዋሉ። በምሳሌያችን ቁራጮቹ ተጋጥመው ሲለኩ ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል 54.40 ሚሜ ወጣ። ትክክለኛው ግን 54.00 ነው።

ስለዚህ ስብራትን አቋርጦ የሚያልፍ ልኬት አይታመንም። ያልተሰበረው ወገን ማሽኑ ላይ አለ፤ ርቀቱን ከዘንጎቹ ላይ ውሰዱ። የዘንግ መሃል በዓይን አይገኝም፣ መፈለግም አያስፈልግም። መጀመሪያ በውጭ መንጋጋ ከአንዱ ዘንግ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላው ውጫዊ ጠርዝ ለኩ። ቀጥሎ በውስጥ መንጋጋ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ለኩ። ሁለቱን ደምራችሁ ለ2 አካፍሉ፦

```
(60.46 + 47.54) / 2 = 54.00
```

ዘዴው የዘንጎቹ ውፍረት ቢለያይም ይሠራል። የውጩ ልኬት የሁለቱን ራዲየስ ይጨምራል፣ የውስጡ ያንኑ ይቀንሳል፣ ሲደመሩ ራዲየሶቹ ይጠፋፋሉ። ማረጋገጫውም እዚያው አለ፤ የሁለቱ ልኬቶች ልዩነት (12.92) ከዘንጎቹ ዲያሜትር ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። እዚህ 7.97 እና 4.95 ስለሆኑ ይገጥማል። ካልገጠመ ወይ ካሊፐሩ ዘንበል ብሏል፣ ወይ አንዱ ዘንግ ራሱ ጎብጧል። የጎበጠ ዘንግ ከጫፉና ከሥሩ ሲለካ የተለያየ ርቀት ይሰጣል፤ መያዣው ወደ ሥሩ ተጠግቶ የሚቀመጥ ከሆነ የሥሩን ያዙ።

ዘንጎቹ ጋ መድረስ ካልተቻለና ሁለቱም ቀዳዳዎች ባልተሰበረ ቁራጭ ላይ ካሉ ይኸው ስሌት ለቀዳዳም ያገለግላል። ብቻ መንጋጋዎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፦ ከሩቅ ጠርዝ እስከ ሩቅ ጠርዝ በውስጥ መንጋጋ፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ በውጭ መንጋጋ ጫፍ።

ምልክት፦ በካሊፐሩ ልክ የተሠራው ቀዳዳ ዘንጉን አጥብቆ ይይዛል

የካሊፐር የውስጥ መንጋጋ ስለት ይመስላል እንጂ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ ነገር ክብ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ በሁለት ጠርዞቹ ይደገፋል፤ መሃሉ ግድግዳውን አይነካም። ስለዚህ ንባቡ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል፣ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥርም ስህተቱ ይሰፋል። 30 ሚሜ ቀዳዳ ላይ አይታወቅም፣ 5 ሚሜ ላይ ግን ከ0.1 ሚሜ በላይ ሊደርስ ይችላል።

ለትንንሽ ቀዳዳ የትራፓኖ ፑንታ ይሻላል። ጠምዛዛውን ጫፍ ሳይሆን ለስላሳውን እግሩን ክተቱ፤ የሚገባውን ትልቁንና የማይገባውን ትንሹን ፈልጉ፣ ከዚያ የፑንታውን እግር በውጭ መንጋጋ ለኩ። የተጻፈበትን ቁጥር አትመኑ፣ እግሩ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይቀጥናል። በእኛ መያዣ ካሊፐሩ 5.05 ያለው ቀዳዳ እግሩ 5.2 የሆነ ፑንታ አስገባ፣ 5.3ን ከለከለ። ስኬቹ ላይ የሚገባው 5.2 ነው።

በ3ዲ ማተሚያ የሚወጣ ከሆነ ቀዳዳው ከስዕሉ ጠብቦ የመውጣት ልማድ አለው። ይህን ለማካካስ 5.2ን ወደ 5.4 መቀየር ያጓጓል፣ ግን አታድርጉት። የተለካው ቁጥርና የማካካሻው ቁጥር አንድ ላይ ከተቀላቀሉ ከወር በኋላ የትኛው የዕቃው እንደነበር ማንም አያውቅም። ማካካሻውን በስኬቹ ውስጥ ለብቻው ስም ሰጥታችሁ ደምሩት።

ምልክት፦ የመጨረሻው ልኬት ሲገባ ስኬቹ ቀይ ይሆናል ወይም አልቀበልም ይላል

ከዳር እስከ መጀመሪያው ቀዳዳ መሃል 12፣ በመሃሎቹ መካከል 54፣ ከሁለተኛው መሃል እስከ ሌላው ዳር 12 ተሰጥቷል። እዚያ ላይ ጠቅላላ ርዝመቱን ሲጨምሩበት ሶፍትዌሩ ይቃወማል፤ 78 መሆኑን አስቀድሞ ያውቃልና። ሌላውን ልኬት ሰርዞ ጠቅላላውን ማስገደድ መፍትሄ አይደለም። አራተኛውን ልኬት የማያስገድድ፣ የሚያሳይ ብቻ አድርጉት። ፍሪካድ በተባለው ሶፍትዌር ላይ ይህ `Reference` ይባላል።

ያ ልኬት ከዚያ በኋላ መርማሪ ይሆናል። ስኬቹ 78.0 ሲል በእጃችሁ የያዛችሁት የተጋጠመ ዕቃ 78.4 ካለ፣ ትርፉ ቀደም ሲል በቀዳዳዎቹ መካከል ካገኘነው 0.4 ጋር አንድ ነው። ትርፉ ያለው ስብራቱ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው፤ የዳርና የዳር 12ዎቹ ደህና ናቸው። ልዩነቱ ሌላ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ከ12ዎቹ አንዱን እንደገና መለካት ነበረብን።

በነገራችን ላይ 12.03 ሲነበብ 12 ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው፤ ንድፍ አውጪው 12.03 ብሎ አልጀመረም። ግን ቁጥሩ 6.35 ወይም 12.7 አጠገብ ከሆነ ዕቃው በኢንች የተሠራ ሊሆን ይችላልና ወደ 6.5 ወይም 12.5 አታጠጋጉት።

ምልክት፦ የጎበጠው ጎን ሁሉ ነገር ተስተካክሎ እንኳ አይመሳሰልም

የቅስትን ራዲየስ በካሊፐር በቀጥታ መለካት አይቻልም። ስለዚህ ብዙዎች የቅስቱን ስፋት (c) እና ከፍታ (h) ለክተው ያሰላሉ፦

```
R = c²/(8h) + h/2
```

ስፋቱ 40፣ ከፍታው 5 ከሆነ ራዲየሱ 42.5 ነው። ከፍታው 5.1 ተብሎ ቢነበብ ግን 41.8 ይሆናል። የ0.1 ሚሜ የእጅ ስህተት ራዲየሱን በ0.7 አዛነፈው ማለት ነው። ቅስቱ ለጥ ባለ ቁጥር ይህ ይብሳል።

የሚሻለው ራዲየሱን ጨርሶ አለመጻፍ ነው። የዕቃውን ወርድ ቅስቱ በሚጀምርበት ጫፍ (18) እና በጉብታው አናት (23) ለኩ፤ ልዩነቱ ከፍታው ነው። ስኬቹ ላይ በሦስት ነጥብ የሚያልፍ ቅስት ሳሉና የሁለቱን ጫፎች ርቀትና የአናቱን ከፍታ ብቻ ስጡት። ራዲየሱን ሶፍትዌሩ ራሱ ያውጣው፤ የመለካት ስህተታችሁም 0.1 እንደሆነ ይቀራል።

ከመሥራታችሁ በፊት ስኬቹን በ1:1 ወረቀት ላይ አትሙና ቁራጮቹን ለየብቻ አስቀምጡበት። አጠገቡ 100 ሚሜ መስመር ሳሉና በካሊፐሩ ለኩት፤ 97 ካለ ማተሚያው ገጹን ለማስገባት አሳንሶታል፣ `Actual size` የሚለውን መርጣችሁ ድገሙ። መስመሩ ልክ ከሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ ከስብራቱ በስተቀር በሁሉም ዳር ከመስመሩ ጋር መግጠም አለበት።