ሥራው ከወረደ ሠራተኛ ጋር ለሚደረግ ውይይት ኃላፊን ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰው ሀብት ክፍል የሚሠራ ሰው «ሥራዋ እየወረደ ነው፤ ምን ብዬ ላናግራት?» የሚል ኃላፊ አያጣም። አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሠራተኛዋ ሳምንታዊ ሪፖርቷን ሁሌም ሰኞ ጠዋት ታስረክብ ነበር። ካለፉት 8 ሪፖርቶች ግን 5ቱ ዘግይተዋል፤ በ2ቱ ላይ ድምሩ ተሳስቷል።

ሁሉንም ቃል ጽፎ መስጠት

ሁለት ገጽ ከሰጡት ኃላፊው አቀርቅሮ ያነባል። ያልተጻፈ ጥያቄ ሲመጣበት ደግሞ ግራ ይገባዋል። ቃል በቃል የሚጻፈው መክፈቻው ብቻ ይሁን፦

«የጠራሁሽ ስለ ሪፖርቱ ነው። ካለፉት 8 ውስጥ 5ቱ ዘግይተው ነው የደረሱኝ፤ በ2ቱ ድምሩ ልክ አልነበረም። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ምን ተፈጠረ?»

ከዚህ በታች በትልቁ «ዝም በል» ብለው ይጻፉለት። ብዙ ኃላፊ ዝምታው ይከብደውና «ሥራ በዝቶብሽ ነው አይደል?» ብሎ ራሱ ይመልሳል። እሷም «አዎ» ትላለች፤ እውነተኛው ምክንያት እዚያው ተዳፍኖ ይቀራል።

ስለ ጠባይ ማውራት

«ግድ የለሽ ሆነሻል» ከተባለች የምትከራከረው ስለ ማንነቷ ነው። የዘገየ ሪፖርት ግን ቀኑ ይታያል። ነገሩን በምስጋና ጀምሮ በምስጋና መዝጋትም አይጠቅምም፤ ተመስግና የወጣች ሊመስላት ይችላል።

መልሷን አስቀድሞ አለማሰብ

እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው። «መረጃው ከሌላ ክፍል የሚደርሰኝ ዓርብ ማታ ነው» ብትልስ? ያኔ ኃላፊው ቀነ ገደብ ከማስቀመጡ በፊት ያጣራ። «ታምሜ ነው» ካለች ደግሞ የሕመሙን ዓይነት አይጠይቅ፣ በችኮላም ቃል አይግባ። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ከሰው ሀብት ጋር ተነጋግሬ ሐሙስ እመለስልሻለሁ» ይበልና በቀኑ ይመለስ።

ማስታወሻውን ማሳደር

ከሳምንት በኋላ የሚጻፍ ማስታወሻ የኃላፊውን ስሜት እንጂ የተባለውን አይዝም። በዚያው ቀን አጭር ኢሜይል ይላክላት፦

«ዛሬ ስለ ሳምንታዊ ሪፖርቱ ተነጋግረናል። 5ቱ መዘግየታቸውን፣ በ2ቱ ድምሩ መሳሳቱን ገልጬልሻለሁ። አንቺ መረጃው ዓርብ ማታ እንደሚደርስሽ ነግረሽኛል። እኔ መረጃው ሐሙስ እንዲደርስሽ አደርጋለሁ። አንቺ ለሚቀጥሉት 4 ሳምንታት ሰኞ እስከ 4 ሰዓት ጠዋት፣ ድምሩን አመሳክረሽ ታስረክቢያለሽ። ከዚያ በኋላ እንገናኛለን። የቀረ ወይም የተሳሳተ ነገር ካለ ጻፊልኝ።»

የእሷ መልስ የሌለበት ማስታወሻ የአንድ ወገን ክስ ይመስላል። መልሷ ሲመጣም አብሮ ማኅደሯ ውስጥ ይግባ። የጤና ጉዳይ ግን እዚህ ኢሜይል ላይ አይጻፍ፤ ለብቻው በምስጢር ይያዝ። ኃላፊው ሳይጽፍ ቀናት ካለፉ የሚጽፍበትን ቀን ያስፍርና ውይይቱ የተደረገበትን ቀን ለይቶ ይግለጽ። ቀን ወደ ኋላ መልሶ የተጻፈ ወረቀት ከተነቃበት፣ ማኅደሩ ውስጥ ያለው እውነተኛ ማስታወሻ ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።