የጣናን ከፍታ በሠንጠረዥ ወይስ በግራፍ?

ሪፖርት ለምትሠሩ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ባሕር ዳር ላይ ለአንድ ስብሰባ የጣናን የውሃ ከፍታ በየወሩ ዘርዝሬ በሠንጠረዥ አቀረብኩ። ቁጥሮቹ 1,785 እና 1,786 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ከወር ወር ያለው ልዩነት በአብዛኛው ከነጥቡ በኋላ ነው። ማንም ልብ አላለውም። ያንኑ በመስመር ግራፍ ስሠራው ግን ውሃው ሰኔ አካባቢ ወርዶ፣ ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ ጫፍ መድረሱ ወዲያው ታየ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ቋሚው መስመር ከዜሮ ከጀመረ የሐይቁ ከፍታ ዓመቱን ሙሉ የተወጠረ ገመድ ይመስላል። ከ1,784 አስጀምሩት፤ መነሻውንም በግልጽ ጻፉ። በባር ግራፍ ላይ ግን እንዲህ አታድርጉ። እዚያ ዓይን የሚያወዳድረው የባሩን ርዝመት ነው፤ ከታች ሲቆረጥ ትንሿ ልዩነት እጥፍ ድርብ ትመስላለች።

«የነሐሴው በትክክል ስንት ነበር?» የሚል አንባቢ ካለ ሠንጠረዡ ይቆይ።

ክብራን ገብርኤል፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት እያላችሁ የጀልባ ጉዞ መዳረሻዎችን ስትጽፉ ደግሞ ተራ ዝርዝር ይበቃል። «ተ.ቁ» እና ባዶ «ምርመራ» ዓምድ ጨምሮ ሠንጠረዥ ማድረግ ቦታ መፍጀት ብቻ ነው። በስልክ ለሚያነብማ ጭራሽ ይቆራረጥበታል።