ብቻውን የቀረው የd4 ወታደር፦ ላጥቃ ወይስ ልቀያየር?

ነጭ ሆኜ d4 ላይ አጋር የሌለው ወታደር ሲኖረኝ፣ ጥቁሩ ፈረሱን ከf6 ወደ d5 ሲያመጣ ሁሌ ግራ ይገባኝ ነበር። አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ d5 ላይ ብቀያየር በምን መልሶ ይበላኛል?

ቢሾፔ c4 ላይ ካለ፣ በፈረሴ d5ን እበላለሁ። ንግሥቱ d8 ላይ ሆና መልሳ ብትበላ ቢሾፔ ይበላታል፣ ስለዚህ በe6 ወታደር መብላት ግድ ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ የሱም d5 ወታደር እንደኔው ብቸኛ ነው፣ e መስመሩም ለሩኬ ይከፈታል፤ ፍጻሜው ላይ ብንደርስም አልፈራም።

ቢሾፔ c2 ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብቀያይር ንግሥቱ d5 ላይ በሰላም ትቀመጣለች፣ የኔ d4 ደግሞ ዕድሜ ልኩን ጠባቂ ይፈልጋል (መሣሪያ ባነሰ ቁጥር ይብሳል)። እዚህ ጋ ማጥቃት ነው። ፈረሱ f6ን ስለለቀቀ h7ን የሚጠብቀው ንጉሡ ብቻ ነው፣ እኔም Qd3 እጫወታለሁ። ሩኩ f8 ላይ ከሆነ Qxh7 ማት ነው። g6 ካለ Bh6 ሩኩን ያባርራል። f5 ካለ ደግሞ e5 ለፈረሴ የማይነካ ቦታ ሊሆን ይችላል፣ ግን በc6 ፈረሱ መቀየር እንደሚችል አይረሳ።