ሐሳብ ነው ወይስ የጭንቀት ሕመም? ስንለይ የምንሳሳታቸው

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እንቅልፍ የሚጠግብ ቡና አቅራቢ ጅማ ውስጥ ብርቅ ነው። ብድር አለበት፣ ዋጋው ይዋዥቃል፣ ጀንፈሉ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ዝናቡም ያለ ወቅቱ ይመጣል። ይህ ሐሳብ ነው፣ ማንም ሐኪም ቤት አይልከውም። ሐሳቡ ሕመም የሚሆንበትን ቦታ ግን ብዙ ሰው አይለየውም።

«ምክንያት ስላለው ሕመም አይደለም» ማለት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሰው የሚጠይቀው «የሚያስጨንቅ ነገር አለ ወይ?» ብሎ ነው። የሚያስጨንቅ ነገር ደግሞ ሁሌም አይጠፋም። ከዚያ ይልቅ መታየት ያለበት ሐሳቡ መቼ እንደሚለቅ ነው።

አንድ አቅራቢ እንውሰድ። በኅዳር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ጠብ ጠብ ሲል ይነቃል፣ ይወጣል፣ ጀንፈሉን በሸራ ይሸፍናል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሐሳቡ ሥራ አሠራው፤ ሥራው ሲያልቅ እሱም ለቀቀው።

ያው ሰው በግንቦት ቡናውን ሸጧል፣ ብድሩንም ከፍሏል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግን አሁንም ዓይኑ ይፈጣል። የሚያብሰለስለው የልጁን ፈተና ነው። እሱን ሲተው ወንድሙ ትናንት ስልክ ያላነሳው ለምን እንደሆነ ያስባል፤ ቀጥሎ ደግሞ ጠዋት ደረቱን ውግት ያደረገው ነገር ይመጣበታል። የሚሸፈን ጀንፈል የለም። ዋናው ምልክት ይህ ነው፦ አንዱ ጉዳይ ሲፈታ ጭንቀቱ አብሮ አይሄድም፣ ሌላ ጉዳይ ፈልጎ ይይዛል።

ባለሙያዎች አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም የሚሉት እንዲህ ያለው ስለ ብዙ ጉዳይ የሆነና «ተወኝ» ሲሉት የማይተው ሐሳብ ቢያንስ ለ6 ወር፣ ከሌለበት ቀን ያለበት ቀን በልጦ ሲቆይ ነው። ከሐሳቡ ጋር ከስድስት ነገሮች ቢያንስ ሦስቱ ይኖራሉ፦ መቁነጥነጥ፣ ቶሎ መድከም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ብስጭት፣ የጡንቻ መወጠር፣ የእንቅልፍ መረበሽ። ሥራን፣ ትምህርትን ወይም የቤት ሰላምን መጉዳቱም ይታያል።

6 ወር የሕመሙ መለያ እንጂ እርዳታ ለመጠየቅ የሚጠበቅ ቀጠሮ አይደለም። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ የመጣበት ሰው አንድ ቀን እንኳን መጠበቅ የለበትም።

ለመለካት ጋድ-7 የሚባል ባለ ሰባት ጥያቄ መጠይቅ አለ። ያለፉትን 2 ሳምንታት ይጠይቃል፤ መልሱ «ጭራሽ የለም» ከሆነ 0፣ «አንዳንድ ቀን» 1፣ «ከግማሽ በላይ ቀናት» 2፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» 3 ይሰጠዋል። ድምሩ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ቢያየው ይሻላል። የእኛ አቅራቢ በኅዳር 7 ቢያመጣ አይገርምም። በግንቦት ግን መረበሽ 2፣ ሐሳቡን ማቆም አለመቻል 3፣ ስለ ብዙ ነገር መጨነቅ 3፣ ዘና ማለት አለመቻል 2፣ መቁነጥነጥ 1፣ ብስጭት 2፣ ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ መፍራት 2 ሲደመር 15 ይሆናል። 15 ከባድ ከሚባለው ክልል መነሻ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ሕመሙን አይወስንም፣ በተለይ የሚከተለው ስህተት ካለበት።

ጫቱንና ቡናውን ሳይቆጥሩ ጭንቀትን መቁጠር

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያልቃል። ከሰዓት በርጫ ላይ የተቀመጠ፣ ከዚያ በፊት አቦል፣ ቶና፣ በረካ የጠጣ ሰው ማታ «ልቤ ድው ድው ይላል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ጭንቀት ይዞኛል» ይላል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ልብን ያስሮጣል፣ እንቅልፍን ያባርራል። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርትና ብስጭት ይተካል። ከላይ ከቆጠርናቸው ስድስት ምልክቶች አብዛኞቹን ጫት ብቻውን ሊያመጣቸው ይችላል። ሐኪሙ «ትቅማለህ?» ሲል «አልፎ አልፎ» ብሎ መመለስ እንግዲህ የራስን ምርመራ በራስ ማበላሸት ነው።

ለመለየት ደብተር ያስፈልጋል። ለ2 ሳምንት በየቀኑ አራት ነገር ይጻፍ፦ ስንት ስኒ ቡና፣ የጫቱ መጠንና ሰዓቱ፣ የተኙበትና የነቁበት ሰዓት፣ የቀኑ ጭንቀት ከ10 ስንት። ጭንቀቱ በቃሙበት ማታና በማግስቱ ብቻ የሚወጣ ከሆነ መልሱ ደብተሩ ላይ አለ። ባልቃሙበት ቀንም ያው ከሆነ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

«ተውኩት፣ ባሰብኝ» የሚሉም አሉ። እውነታቸውን ነው። አዘውትሮ የሚቅም ሰው ሲተው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዱካክ፣ ድካምና ንጭንጭ ይመጣሉ። ቡና በአንዴ የተወም በማግስቱ ራሱን ሊያመው ይችላል፤ ስለዚህ ቡናውን በየጥቂት ቀኑ አንድ ስኒ እየቀነሱ መውረድ ይሻላል። በመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሆኖ መፍረድ አይገባም። ከተዉት 1 ወር ገደማ አልፎ ጭንቀቱ እንዳለ ከሆነ ግን ጥፋቱን ጫት ላይ ማላከክ አይቻልም።

ሆድን፣ ራስንና ደረትን ለየብቻ ማከም

ጭንቀት ብዙ ጊዜ ስሙን ደብቆ ነው የሚመጣው። ማጅራትን ይይዛል፣ ሆድን ያቃጥላል፣ ደረትን ይጫናል። ሰውየው በአንዱ ክሊኒክ የጨጓራ፣ በሌላው የታይፎይድ መድኃኒት ይዞ ይወጣል፤ ስለ እንቅልፉ ግን ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አልተናገረም።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። ክብደቱ የቀነሰ፣ ሙቀት የማይችል፣ እጁ የሚንቀጠቀጥና ልቡ የሚመታ ሰው በመጀመሪያ የታይሮይድ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ጭንቀትን ቁርጥ ይመስላል። ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚጨመድደውና ሲያርፍ የሚለቀው ሰው ደግሞ «ጭንቀት ነው» ተብሎ አይሸኝ። ልቡ ይታይ።

መሸሽን እንደ መዳን መቁጠር

«አሁን ደህና ነኝ፣ አያስጨንቀኝም» የሚል ሰው ሲጠየቅ አዲስ አበባ በአውቶቡስ መሄድ ትቷል፣ ለቅሶ አይደርስም፣ ገበያ ሚስቱን ይልካል። ጭንቀቱ የቀነሰው ስላልተነካ ነው። ስለዚህ «ምን ይሰማሃል?» ከሚለው ጋር «አምና ታደርገው የነበረ፣ ዘንድሮ የተውከው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የቤት ሰው ይህን ከሕመምተኛው በተሻለ ያውቀዋል።

ከጎረቤት የተቀበሉት ዳያዜፓም

አይሆንም። ለጊዜው ያረጋጋል፣ በሳምንታት ውስጥ ሱስ ሊሆን ይችላል፣ ከጨብሲ ጋር ከተወሰደ ደግሞ ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። ቆየት ብሎ የወሰደውም በአንዴ አይተወው፤ ሐኪም እየቀነሰ ያስቁመው። ጸበሉም ዱዓውም ከሕክምና ጋር አይጣላም፤ የሚጎዳው የታዘዘን ክኒን ለዚያ ብሎ ማቋረጥ ነው።

በር ላይ ደርሶ ዋናውን ነገር አለመናገር

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ለዚህ ችግር እዚያ መሄድ ሰውን «እብድ» አያሰኝም። የንግግር ሕክምናም መድኃኒትም አለ። እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉት መድኃኒቶች ለውጣቸው የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መረበሽ ሊጨምሩ ስለሚችሉ «አልተስማማኝም» ብሎ በአምስተኛው ቀን ከመጣል በፊት ያዘዘውን ሰው መጠየቅ ነው። ሲገቡ ደግሞ «ጨጓራዬን» ብሎ ከመጀመር ደብተሩን አውጥቶ፦ «ከኅዳር ጀምሮ አብዛኛውን ቀን ሐሳብ አይለቀኝም፣ ሌሊት ዘጠኝ ላይ እነቃለሁ፣ በሳምንት ሦስት ቀን እቅማለሁ፣ መንገድ መሄድ ትቻለሁ» ማለት ይበቃል።