ባለ ሁለት ዓምድ የመጽሐፍ ገጽን ከፎቶ ወደ ሾርት ኖት መቀየር፦ ቅደም ተከተሉ ሳይዛባ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ሲቃረብ የማመሳከሪያ መጽሐፍ የሚፈልገው ተማሪ ብዙ፣ የመጽሐፉ ቅጂ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ገጾቹን በስልኩ ያነሳል፣ ለሌሎቹ በቴሌግራም ይልካል፣ ሁሉም ከፎቶው ጽሑፉን አውጥቶ ሾርት ኖት ያዘጋጃል። ገጹ ባለ አንድ ዓምድ ከሆነ ይህ ቀላል ሥራ ነው። የግብርና፣ የእንስሳት ሕክምናና የጤና መጻሕፍት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓምድ የታተሙ ስለሆኑ ጽሑፉ ሲወጣ ቅደም ተከተሉ ይዛባል።

መዛባቱ በሁለት መልክ ይመጣል። አንደኛው ጽሑፍ አንባቢው መተግበሪያ የመካከሉን ክፍት ቦታ ሳያይ የግራውን መስመር ከቀኙ መስመር ጋር አጋጥሞ ሲያነብ ነው። ይህ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ስለሚወጣው ወዲያው ያስታውቃል። ሁለተኛው ዓምዶቹ በትክክል ተለይተው ሳለ የገጹ ላይኛውና ታችኛው ክፍል ሲምታታ ነው። ከዚህ የሚወጡት ዓረፍተ ነገሮች እያንዳንዳቸው የተሟሉ ናቸው፤ ስህተቱ በመካከላቸው ባለው ግንኙነት ውስጥ ይደበቃል። ተማሪ ፈተና ላይ የተሳሳተ ነገር በልበ ሙሉነት እንዲጽፍ የሚያደርገው ይህኛው ስለሆነ ከዚህ በታች በዋናነት የምናተኩረው በእሱ ላይ ነው።

ፎቶው

በአንድ ፎቶ አንድ ገጽ ብቻ አንሱ። መጽሐፉን ከፍቶ ሁለቱን ገጾች በአንድ ጊዜ ማንሳት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፣ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የሚደርሰው የምስል ጥራት በግማሽ ይወርዳል። ስልኩን ከገጹ ጋር ትይዩ አድርጉ፣ የገጹ ቁጥርም በፎቶው ውስጥ ይግባ። ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ፍላሽ አትጠቀሙ፤ ከመስኮት በጎን የሚመጣ ብርሃን ይሻላል።

ወፍራም መጽሐፍ ሲከፈት ወደ ስፌቱ የተጠጋው ዓምድ ይጎብጣል። በግራ እጅ በኩል ባለው ገጽ የሚጎብጠው የቀኙ ዓምድ ነው፣ በቀኝ እጅ በኩል ባለው ደግሞ የግራው። የጎበጠ መስመር ላይ ፊደል ስለሚሳሳትና መስመር ስለሚዘለል ገጹን በእጅ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። ስትልኩም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ትናንሾቹ ፊደሎች ይደበዝዛሉ።

ጽሑፉን ከማውጣት በፊት ገጹን በእርከን መክፈል

አብዛኛው ሰው ፎቶውን በቀጥታ ለመተግበሪያ ይሰጥና በኋላ የተመሰቃቀለውን ሲያስተካክል ይውላል። የሚሻለው መጀመሪያ ገጹን በዓይን ማንበብ ነው።

በሁለቱ ዓምዶች መካከል ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ነጭ ክፍተት አለ። ጣታችሁን በክፍተቱ ላይ ከላይ ወደ ታች አውርዱ። ጣታችሁን የሚያቋርጥ ነገር ሁሉ፣ ማለትም ሰፊ ርዕስ፣ ሰፊ ሠንጠረዥ ወይም ሰፊ ሥዕል፣ ገጹን ወደ ላይኛና ታችኛ እርከን ሊከፍለው ይችላል። በአንድ እርከን ውስጥ የሚነበበው መጀመሪያ የግራው ዓምድ እስከ እርከኑ መጨረሻ፣ ከዚያ የቀኙ ነው። ወደ ታችኛው እርከን የሚወረደው ሁለቱም ካለቁ በኋላ ነው።

«ሊከፍለው ይችላል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሁለቱንም ዓምድ የሚሸፍን ርዕስ ገጹን በእርግጥ ይከፍለዋል፣ ምክንያቱም ከሥሩ ያለው ጽሑፍ የርዕሱ ነው። ሠንጠረዥና ሥዕል ግን ሁልጊዜ አይከፍሉም። አንዳንድ መጽሐፍ ላይ አሳታሚው ሥዕሉን በገጹ መሃል ጣል ያደርገዋል፣ የግራው ዓምድም ከሥዕሉ በላይ ያቆመውን ከሥዕሉ በታች ይቀጥላል። ስለዚህ ሠንጠረዥ ወይም ሥዕል ሲያጋጥም መፈተሽ ያስፈልጋል። ከሠንጠረዡ በላይ ያለውን የግራ ዓምድ የመጨረሻ መስመር አንብቡ፤ ከዚያ ሁለት ተፎካካሪዎችን ተመልከቱ፦ የቀኙ ዓምድ የመጀመሪያ መስመርና ከሠንጠረዡ በታች ያለው የግራ መስመር። ዓረፍተ ነገሩ ካላለቀ፣ ወይም ቃሉ በሰረዝ ለሁለት ከተቆረጠ፣ ቀሪው ግማሽ የት እንዳለ ማየት ብቻ መልሱን ይሰጣል። ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ነጥብ ካለቀ ግን ሁለቱንም መንገድ አንብቦ በሐሳብ መለየት ግድ ይላል።

አንድ ገጽ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

በጅማ ለሚማር የግብርና ተማሪ ቅርብ የሆነ ርዕስ እንውሰድና ስለ ቡና ዝግጅት የሚናገር ገጽ 143 አለ እንበል። ከላይ «የቡና ዝግጅት» የሚል ሰፊ ርዕስ አለው። ከሥሩ ሁለት ዓምድ ይወርዳል። በገጹ መሃል ሁለቱን ዘዴዎች የሚያወዳድር ሰፊ ሠንጠረዥ ተቀምጧል፣ ከሠንጠረዡ በታች እንደገና ሁለት ዓምድ አለ፣ በቀኝ ጥግ ደግሞ ግራጫ ሳጥን።

ላይኛው የግራ ዓምድ ስለ እርጥብ ዘዴ ነው፤ ቡናው ይፈለፈላል ይልና «በገንዳ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይብላላል» ብሎ ያልቃል። ላይኛው የቀኝ ዓምድ «ከተብላላ በኋላ በንጹህ ውሃ ይታጠባል» ብሎ ይጀምራል፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ከ1 እስከ 2 ሳምንት መቆየቱን ይነግረናል፣ ከዚያም ከሥሩ «ደረቅ ዘዴ» የሚል ጠባብ ንዑስ ርዕስ አለ፦ «የበሰለው እሸት ሳይፈለፈል ይለቀማል፣ ይመረጣል።» ታችኛው የግራ ዓምድ «ከዚያም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እየተገላበጠ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል» ይላል። ታችኛው ቀኝ ስለ ጀንፈሉ መቀሸር ነው።

መተግበሪያው ሠንጠረዡን ዘሎ የግራውን ዓምድ እስከ ታች ቢያነብ ይህ ይወጣል፦ «በገንዳ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይብላላል። ከዚያም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እየተገላበጠ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል።» ሰዋስዉ ትክክል ነው፣ ሐሳቡም ያሳምናል። ነገር ግን ማጠብ የሚባለው ደረጃ ጠፍቷል፣ የታጠበ ቡናም የደረቅ ቡና የማድረቂያ ጊዜ ተሰጥቶታል።

ይህን የሚያጋልጡ ሦስት ምልክቶች ገጹ ላይ አሉ። «ከዚያም» ለሚለው ቃል «ከምን በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚሰጣው ከነልጣጩ ያለ እሸት እንጂ የተብላላ ቡና አይደለም። ወደ ቀኙ ዓምድ ስትሻገሩ ደግሞ «ከተብላላ በኋላ» የሚለው ስለ ፀሐይ ማድረቅ ከሚናገረው ጽሑፍ ቀጥሎ ይመጣል፣ ይህም አይገጥምም። በመጨረሻም የጊዜውን ቁጥር በሠንጠረዡ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት፤ እርጥቡ ዘዴ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ካለ 3 እና 4 ሳምንት ከየት መጣ? ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ ሠንጠረዡ እርከን ይከፍላል።

መቁረጥና ጽሑፍ ማውጣት

ፎቶውን በስልኩ ማስተካከያ በየእርከኑና በየዓምዱ ቁረጡት፣ ኦሪጅናሉን ግን አትሰርዙ። ቁራጮቹን በንባብ ቅደም ተከተል ሰይሟቸው፦ ሰፊው ርዕስ 143_1፣ ላይኛው ግራ 143_2፣ ላይኛው ቀኝ 143_3፣ ሠንጠረዡ 143_4፣ ታችኛው ግራ 143_5፣ ታችኛው ቀኝ 143_6፣ ሳጥኑ 143_7። አንድ ቁራጭ አንድ ዓምድ ብቻ ስለያዘ የትኛውም መተግበሪያ ዓምድ ሊያምታታ አይችልም። በስልክ ጉግል ሌንስ ጽሑፉን መርጦ ኮፒ ለማድረግ ይበቃል። ኢንተርኔት በሌለበት ግን ኮምፒውተር ላይ ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራል፦

```
tesseract 143_2.png 143_2 -l eng --psm 6
```

መጨረሻ ላይ ያለው 6 ምስሉን እንደ አንድ ወጥ የጽሑፍ ብሎክ አንብብ ማለት ነው፤ ለተቆረጠ ዓምድ የሚስማማው ይህ ነው። ያልተቆረጠ ባለ ሁለት ዓምድ ገጽ ላይ ብትጠቀሙበት ግን የግራና የቀኙን መስመር ያጋጥማል። መጽሐፉ በአማርኛ ከሆነ `eng` የሚለውን በ`amh` ተኩት፣ የአማርኛው ፋይል አስቀድሞ መጫን አለበት። ሁሉም ሲያልቅ ሊኑክስ ላይ እንዲህ ይጣመራሉ፦

```
cat 143_?.txt > 143.txt
```

ሠንጠረዡን በእጅ ጻፉት። ከፎቶ ሲወጣ ረድፍና ዓምዱ ይደባለቃል፣ ማስተካከሉም ከመጻፍ በላይ ጊዜ ይወስዳል። ቁጥሮችን በሙሉ ከፎቶው ጋር አመሳክሩ፤ ነጥብ ይጠፋል፣ የመቶኛ ምልክት ደግሞ እንደ ቁጥር ሊነበብ ይችላል። በመስመር መጨረሻ በሰረዝ የተቆረጡ ቃላትን አጋጥሙ፣ የገጹን ራስጌና ቁጥር ከጽሑፉ መሃል አውጡ።

ወደ ሾርት ኖት

ደረጃዎቹን ከራሳችሁ አታውጡ፤ መጽሐፉ በፊደሉ መጠንና ድምቀት አስቀምጧቸዋል። ሰፊው ርዕስ የመጀመሪያው፣ ንዑስ ርዕሱ ሁለተኛው፣ ከሥሩ ያለው ሐሳብ ሦስተኛው ደረጃ ነው። በየመስመሩ መጨረሻ የቁራጩን ቁጥር ጻፉ፣ ጥርጣሬ ሲመጣ ወደ ፎቶው በቀላሉ ትመለሳላችሁ።

የቡና ዝግጅት፣ 143_1
1. እርጥብ ዘዴ
   - መፈልፈል፣ 143_2
   - ማብላላት፦ በገንዳ ከ24 እስከ 48 ሰዓት፣ 143_2
   - ማጠብ፦ በንጹህ ውሃ፣ 143_3
   - ማድረቅ፦ አልጋ ላይ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ 143_3
2. ደረቅ ዘዴ
   - እሸቱን ሳይፈለፍሉ መምረጥ፣ 143_3
   - ማስጣት፦ እያገላበጡ ከ3 እስከ 4 ሳምንት፣ 143_5
   - ጀንፈሉን መቀሸር፣ 143_6

«ደረቅ ዘዴ» የሚለው ክፍል ከቁራጭ 3 ጀምሮ ወደ 5 እንደሚሻገር ልብ በሉ። ርዕሱ በአንድ ቁራጭ፣ ዝርዝሩ በሌላ ቁራጭ ሲሆን ቁጥሩ ካልተጻፈ ማንም አያስተውለውም።

ሠንጠረዡን ከሁለቱ ዘዴዎች በኋላ ለብቻው አስቀምጡት፣ ስለ ሁለቱም የሚናገር ስለሆነ በአንዱ ሥር አይገባም። ግራጫው ሳጥንም የትረካው አካል አይደለም። ቀኝ ጥግ ላይ ስለተገኘ ብቻ ከመቀሸር ቀጥሎ አትጻፉት፤ ይዘቱን አንብባችሁ የሚመለከተው ነጥብ ሥር አስገቡት። ለምሳሌ በቂ ያልደረቀ ቡና ሲከማች እንደሚሻግት የሚያስጠነቅቅ ከሆነ ቦታው የሁለቱም ዘዴዎች ማድረቂያ ነጥብ ነው፣ 143_7 የሚለው ቁጥርም በሁለቱም ቦታ ይጻፋል።

ወደ ገጽ 144 ከማለፋችሁ በፊት የ143_6ን የመጨረሻ መስመር ከ144 ላይኛው ግራ የመጀመሪያ መስመር ጋር አገናኝታችሁ አንብቡ፤ የሳጥኑን አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ካልተገናኘ ወይ አንድ ገጽ ሳይነሳ ተዘልሏል፣ ወይ 144 ከላይ ሥዕል ኖሮት ጽሑፉ ከሥዕሉ በታች ይጀምራል።