ማጉያ ተጨምሮም መቀበያው ካልጠራ፦ ችግሩና መፍትሄው

ስታዲየም አካባቢ ባለ ፎቅ ጣሪያ ላይ፣ አውሮፕላኖች በ1090 ሜጋኸርዝ የሚልኩትን መልእክት የሚቀበል አንቴና ተተክሏል እንበል። ከአንቴናው እስከ መቀበያው 30 ሜትር ያህል የዲሽ ኬብል ወርዷል፤ ማጉያው የተገጠመው ግን ታች፣ ከመቀበያው አጠገብ ነው።

ምልክቱ። ራቅ ያሉ አውሮፕላኖች አልታይ ስላሉ 20 ዴሲቤል የሚያጎላ ሁለተኛ ማጉያ ይጨመራል። ሲግናሉ በስክሪኑ ላይ በዚያው ልክ ከፍ ይላል፤ የሚታዩት አውሮፕላኖች ግን ከቀድሞው እምብዛም አይበዙም። በዚህ ጊዜ መታየት ያለበት ሲግናል የሌለበት የኖይዝ መስመር ነው። እሱም 20 ዴሲቤል ያህል ከፍ ካለ፣ የሲግናሉና የኖይዙ ጥምርታ ባለበት ቆሟል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሚፈለገው ከማጉያዎቹ በፊት ነው።

ምክንያቱ። ሲግናሉ የሚያልፍባቸው ተከታታይ ደረጃዎች የሲግናሉንና የኖይዙን ጥምርታ አንድ ላይ ስንት እጥፍ እንደሚያበላሹ የሚያሳየው ቁጥር፣ ማለትም ኖይዝ ፋክተር፣ በፍሪስ ቀመር ይሰላል፤ F የደረጃው ኖይዝ ፋክተር፣ G ደግሞ ጉላቱ ነው፤ ቁጥሮቹ የሚገቡት በዴሲቤል ሳይሆን በተራ ብዜት ነው።

```
F = F1 + (F2-1)/G1 + (F3-1)/(G1*G2)
```

እያንዳንዱ ደረጃ የሚጨምረው ኖይዝ ከፊቱ ላለው ጉላት ይካፈላል። የመጀመሪያው ከፊቱ የሚያካፍልለት ስለሌለ ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። እዚህ ብዙዎች የሚስቱት ነገር፣ የመጀመሪያው ደረጃ ማጉያው ሳይሆን ኬብሉ መሆኑን ነው። ኬብሉ 6 ዴሲቤል ከቀነሰ G1 ሩብ፣ F1 ደግሞ 4 ይሆናል፤ ለሩብ ማካፈል በ4 እንደ ማባዛት ስለሆነ የማጉያው ኖይዝም ይገዝፋል። ማጉያው F 1.26 እና G 100፣ መቀበያው F 6.3 ቢኖራቸው፦

```
4 + 0.26/0.25 + 5.3/25 = 5.25   (7.2 dB)
```

ሁለተኛው ማጉያ ሊቀንስ የሚችለው የመጨረሻዋን ትንሽ ክፍል ብቻ ነው፤ ውጤቱ 5.05 ላይ ይቆማል።

መፍትሄው። ሁለተኛውን ማጉያ አንሥቶ የመጀመሪያውን ጣሪያ ላይ፣ አንቴናው ሥር መግጠም ነው። ኃይሉ በዚያው ኬብል በዲሲ ቮልቴጅ ይላካል፤ የዲሽ ኤልኤንቢም ከሳህኑ ፊት የሚቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

```
1.26 + 3/100 + 5.3/25 = 1.50   (1.8 dB)
```

ዕቃው ያው ሆኖ ቦታው ብቻ በመለወጡ 5.4 ዴሲቤል ተገኘ። አንቴናው ራሱ ከከተማው ብዙ ኖይዝ የሚሰበስብ ከሆነ ግን ጥቅሙ ከዚህ ያንሳል። በአንቴናውና በማጉያው መካከል ያለው ማያያዣ የክረምት ዝናብ እንዳይገባበት በደንብ መታሸግ አለበት፤ እዚያ የሚጠፋ እያንዳንዱ ዴሲቤል በቀጥታ ኖይዝ ላይ ይደመራል።

ከዝውውሩ በኋላ መቀበያው ይባስ ከደከመ፣ በአቅራቢያው ያሉት የኤፍኤምና የሞባይል ማሰራጫዎች ማጉያውን ከአቅሙ በላይ ገፍተውት ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ከማጉያው በፊት 3 ዴሲቤል የሚቀንስ አቴንዌተር ይገባል፤ በስክሪኑ ላይ የሚታዩት ባዕድ ሲግናሎች ከ3 ዴሲቤል እጅግ በበለጠ ከወረዱ እዚያው ማጉያው ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው። ያኔ ከማጉያው በፊት ፊልተር ማስገባት ግድ ይላል፤ ፊልተሩ 1 ዴሲቤል ቢወስድ የጠቅላላው ኖይዝም በ1 ዴሲቤል ስለሚጨምር፣ ብክነቱ አነስተኛ የሆነውን መምረጥ ይገባል።