ታካሚ ሲተኛና ሲወጣ በመድኃኒት ዝርዝር ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ታካሚው ሲተኛ የመድኃኒት ታሪኩን ከቆየ ካርድ ላይ መገልበጥ ነው። ካርዱ የሚናገረው የታዘዘውን እንጂ የሚዋጠውን አይደለም፤ ደረቅ ሳል አስቸግሮት ኢናላፕሪልን ከተወ ወራት ያለፉት ሰው ዋርድ ውስጥ ያንኑ መድኃኒት እንደገና ሲሰጠው በተደጋጋሚ አይቻለሁ። አስታማሚው ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ ከነማሸጊያው በፌስታል እንዲያመጣ ይጠየቅ፤ ከዚያም እያንዳንዱ እየተነሣ «ይህን መጨረሻ የወሰዱት መቼ ነው?» ይባል።

ሁለተኛው በፌስታሉ ውስጥ የሌለውን መርሳት ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከሌላ ክሊኒክ፣ በሌላ ካርድ ስለሚወሰድ በዋርዱ ካርድ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ታካሚውም ጠያቂ በከበበው አልጋ ላይ ሆኖ አይናገረውም። ለብቻው ሆኖ ካልተጠየቀ ሕክምናው ሊቋረጥበት ይችላል። ዶሉቴግራቪር እየወሰደ መሆኑ ሳይታወቅ የቲቢ ሕክምና ቢጀመርለት ደግሞ ሪፋምፒሲን የዶሉቴግራቪርን መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንሰው፣ በቀን አንድ ጊዜ የነበረው 50 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ መሆን እንደሚገባው የሚያስታውስ አይኖርም።

ኩላሊት ተጎድቶ ወይም ግፊት ወርዶ መድኃኒት ለጊዜው ሲቆም ምክንያቱና እንደገና የሚታይበት ቀን አብሮ ይጻፍ፤ አለበለዚያ በዚያው ተረስቶ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን ሲወጡ የሚፈጸመው ዝምታ ነው። ለደም ግፊት ቤታቸው አምሎዲፒን 10 ሚሊግራም የሚወስዱ አንዲት እናት ሲተኙ መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ስላልነበረ፣ በምትኩ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ኒፌዲፒን 20 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ታዘዘላቸው። ሲወጡም ማዘዣው ላይ ኒፌዲፒን ብቻ ተጻፈ። ሐኪሙ አምሎዲፒንን አለመጻፉ ማቆሙ እንደሆነ አሰበ፤ እናትየው ግን «ተው» ያላቸው ስለሌለ፣ ቤት የቀረውንም አዲሱንም ይወስዱ ጀመር። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። ለክትትል ሲመለሱ ግፊታቸው 90/60 ሆኖ ነበር፤ ሲነሡ ያዞራቸዋል፣ እግራቸውም አብጧል። እብጠቱ የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ የታወቀ ጉዳት ሆኖ ሳለ እንደ ሌላ በሽታ ተቆጥሮ ፉሮሴማይድ ሊጨመርላቸው ነበር፤ ነገሩ የታወቀው ፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ ነው።

እባካችሁ፣ የሚቆመው መድኃኒት በስሙ ይጻፍ! የመውጫ ወረቀቱ የሚቀጥለውን፣ አዲስ የተጀመረውን ወይም የተለወጠውን፣ የሚቆመውንም ከነምክንያቱ ለይቶ ያሳይ። አዲስ ለተጀመረው ማብቂያ ቀን ይኑረው፤ ዋርድ ውስጥ ለጨጓራ የተጀመረ ኦሜፕራዞል ቀን ስላልተቆረጠለት ብቻ ለወራት ይቀጥላል። የሚቆመው መድኃኒት እሽግ ለታካሚውም ለአስታማሚውም በእጅ ተይዞ ይታይ፣ ከፌስታሉም ይውጣ፤ የወረቀቱ አንድ ቅጂም ወደ ክትትል ክሊኒኩ ካርድ ይግባ፤ ያ ካልሆነ የክሊኒኩ ሐኪም በሚቀጥለው ወር የቀድሞውን ዝርዝር እንዳለ መልሶ ያዛል።